ኢንስታግራም በ60ኛው ቀን ለምን ዝም ይላል? ስለ ቶክን ማለቅና ያለ ሎግኢን ስለሚያድሰው ወርክፍሎው

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። ከደንበኞቿ ብዙዎቹ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ ይኖራሉ። ልብሱን የሚያዩት ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ ነው፣ ከዚያ በቴሌግራም ያዛሉ። መስከረም ላይ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት አዲስ ፖስት ራሱ እንዲወጣ አድርጌ ወርክፍሎው ሠራሁላት። እሷ ማታ ፎቶውን፣ አጭር ቪዲዮውንና ዋጋውን ሠንጠረዥ ላይ ታስገባለች። የቀረውን ማሽኑ ይጨርሳል። ሁለት ወር እንከን አልነበረውም።

ኅዳር 11 ጠዋት የኢንስታግራሙ ፖስት አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። ማንም ልብ አላለም። በዘጠነኛው ቀን አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛ «ሱቁ ተዘጋ እንዴ? ለገና ላዝ ነበር» ብላ ጻፈችላት። ጓደኛዬ ወዲያው ደወለችልኝ።

«ምን ነክቶት ነው? እኔ እኮ ፓስወርዴን አልነካሁም!»

እውነቷን ነው። ፓስወርዱ ደህና ነበር። አካውንቱም አልታገደም። ያለቀው ቶክኑ ነው። እድሳቱን ሳልሠራ የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለገና የሚታዘዝበት ወቅት ላይ ዘጠኝ ቀን መጥፋት ለትንሽ ሱቅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

## ቶክን ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ጥበቃው መታወቂያችሁን ያይና የእንግዳ ባጅ ይሰጣችኋል። ባጁ ላይ የምትሄዱበት ፎቅ አለ። ከዚያ በኋላ በየበሩ መታወቂያ አትጠየቁም፤ ባጁን ማሳየት ይበቃል። ባጁ ግን ሌላ ፎቅ አያስገባም፣ ማታም አይሠራም።

ቶክን እንደዚህ ባጅ ነው። ሲያዩት ትርጉም የሌለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው። ወርክፍሎው ማለት ደግሞ ሰው ሳይነካው በሰዓቱ ተነስቶ አንዱን ሥራ ከሌላው እያስከተለ የሚሠራ አውቶሜሽን ነው። ወርክፍሎው የጓደኛዬን ፓስወርድ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። መጀመሪያ ላይ እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ኢንስታግራም ውስጥ ገብታ «ይህ መተግበሪያ በእኔ ስም ፖስት ያድርግ» የሚለውን ፈቀደች። ኢንስታግራም ያን ፈቃድ ይዞ ለወርክፍሎው ቶክን ሰጠው። ቶክኑ ፖስት ለማድረግ ይሠራል። ፓስወርድ ለመቀየር አይሠራም።

ይህ አሠራር ኦአውዝ ይባላል። ዛሬ የምንጠቀምበት ሁለተኛው እትም በፈረንጆቹ 2012 ወጣ። ቲክቶክም፣ ዩቲዩብም፣ ሊንክድኢንም፣ ኤክስም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነታቸው ባጁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና እንዴት እንደሚታደስ ነው። ሰው የሚያደናግረውም እዚያ ጋ ነው።

## ታዲያ ለምን ያልቃል? አንዴ ከፈቀድኩ አይበቃም?

ቶክን በእጁ የገባ ሰው ባለቤቱን መስሎ መሥራት ይችላል። ፓስወርድ አይጠየቅም። ወደ ስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርም አይጠየቅም፤ ያ የሚጠየቀው በር ላይ ነው፣ ባጅ የያዘ ደግሞ በሩን አልፏል።

በሴፕቴምበር 2018 ፌስቡክ ላይ የሆነው ይህ ነው። «ሌሎች ገጼን እንዴት ያዩታል» የሚለው አገልግሎት ላይ በነበረ ክፍተት ጠላፊዎች የሰዎችን ቶክን ወሰዱ። ፓስወርድ አልተሰረቀም። ኩባንያው 50 ሚሊዮን አካውንቶች ላይ ያሉ ቶክኖችን ሰረዘ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ የሌላ 40 ሚሊዮን ጨመረበት። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ስልኩን ሲከፍት እንደገና ሎግኢን አድርግ የተባለው ለዚህ ነው። በኋላ ሲጣራ ቶክናቸው በእርግጥ የተወሰደባቸው ወደ 30 ሚሊዮን ያህል ሆነው ተገኙ።

ዕድሜ የሚሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። የተሰረቀ ቶክን አንድ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሌባው ያለው አንድ ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ የሚሠራ ከሆነ ግን ባለቤቱ ሳያውቅ ዓመት ሙሉ ይገለገልበታል።

## ሁሉም ጋ የሚታደሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው?

አይደለም። ሁለት ዓይነት አለ። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

የመጀመሪያው ኢንስታግራም የሚጠቀምበት ነው። ቶክኑ አንድ ብቻ ነው፤ የሚታደሰውም ራሱን አሳይቶ ነው። በሕይወት እያለ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ አዲስ ይሰጣችኋል። ካለቀ በኋላ ይዛችሁት ብትሄዱ ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ኤክስ የሚጠቀሙበት ነው። እዚህ ሁለት ቶክን አለ። አንደኛው ዕድሜው አጭር የሆነ የሥራ ቶክን ነው፤ ስሙ `access_token` ነው። ሌላው `refresh_token` ይባላል። እሱ ፖስት አያደርግም። ሥራው አዲስ የሥራ ቶክን ማውጣት ብቻ ነው። ወደ ባጁ ስንመለስ፣ `refresh_token` ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ደረሰኝ ነው። በደረሰኙ የትኛውም ቢሮ አይገባም፤ ለጥበቃው ስታሳዩት ግን መታወቂያ ሳይጠይቅ የዛሬን ባጅ ይሰጣችኋል።

የኢንስታግራም ቶክን ካለቀ በኋላ ማንም ወርክፍሎው አያድነውም፤ ሰው ሎግኢን ማድረግ አለበት። የቲክቶክ የሥራ ቶክን ካለቀ ግን ችግር የለም፣ `refresh_token` እስካለ ድረስ ሌላ ይወጣል። የጓደኛዬ ቲክቶክ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሲሠራ የነበረው ለዚህ ነው። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። አውቶሜሽን መሥሪያው `refresh_token` ያለውን ቲክቶክን ራሱ ሲያድስልኝ አይቼ ኢንስታግራምንም ያድሳል ብዬ አሰብኩ።

## የኢንስታግራም 60 ቀን እንዴት ይቆጠራል?

ባለቤቷ ስትፈቅድ በመጀመሪያ የሚገኘው ቶክን አንድ ሰዓት ብቻ ይቆያል። ወርክፍሎው ወዲያው በ60 ቀን ቶክን ይለውጠዋል። 60 ቀን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ለማስላት ቀላል ነው፤ ጳጉሜ መሀል ካልገባች ልክ ሁለት ወር ነው። የጓደኛዬ ቶክን የወጣው መስከረም 10 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የሚያልቀው ኅዳር 10 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ኅዳር 10 ጠዋት 2 ሰዓት የወጣው ፖስት የመጨረሻው ሆነ። ኅዳር 11 ቶክኑ ሞቶ አደረ።

ማደሻው ወደ ኢንስታግራም የሚላክ አንድ ጥሪ ብቻ ነው፦

```
curl -G "https://graph.instagram.com/refresh_access_token" \
  -d "grant_type=ig_refresh_token" \
  -d "access_token=IGAA..."
```

መልሱ ይህን ይመስላል፦

```
{
  "access_token": "IGAA...",
  "token_type": "bearer",
  "expires_in": 5183944
}
```

`expires_in` ቀን አይደለም፤ የቀረው ሰከንድ ብዛት ነው። 60 ቀን 5,184,000 ሰከንድ ነው፤ ከላይ ያለው ቁጥር ከዚያ አንድ ደቂቃ እንኳ አይጎድልም። ወርክፍሎው ይህን ቁጥር እንዳለ ቢያስቀምጠው ነገ ትርጉም አይኖረውም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደተቆጠረ አይታወቅማ። መልሱ በደረሰበት ቅጽበት አሁን ካለው ሰዓት ጋር ደምሮ፣ የሚያልቅበትን ቀንና ሰዓት ማስቀመጥ አለበት። እኔ ያንን ዓምድ `expires_at` ብዬዋለሁ።

ሁለት ደንቦች አሉ። ቶክኑ ከወጣ ቢያንስ 24 ሰዓት ካልሞላው አይታደስም። ብዙ ሰው ወርክፍሎውን ሠርቶ በዚያው ቀን ሲሞክረው ስህተት ይመጣበትና የሠራው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ አንድ ቀን ይጠብቅ። ሁለተኛው ደንብ ከላይ ያልኩት ነው፤ ካለቀ በኋላ አይታደስም።

እድሳት ደግሞ በቀረው ቀን ላይ አይጨምርም። አዲሱ 60 ቀን የሚቆጠረው ከታደሰበት ቀን ነው። 10 ቀን ሲቀረው፣ ማለትም ጥቅምት 30 ላይ ቢታደስ፣ እስከ ታኅሣሥ 30 ይሄዳል። አሥሩ ቀን ባከነ ማለት ይቻላል። ለቶክን ግን ክፍያ የለውም፣ ብክነቱ ማንንም አይጎዳም። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በዚያች ሌሊት ኔትወርክ ቢቋረጥ ወይም የኢንስታግራም ሰርቨር ቢያስቸግር ገና ዘጠኝ ሌሊት አለ። በመጨረሻው ቀን ለማደስ የተቀጠረ ወርክፍሎው ግን ያለው ዕድል አንድ ነው።

## ቲክቶክ ላይስ?

ቲክቶክ ላይ የሥራ ቶክኑ 24 ሰዓት ይቆያል፣ `refresh_token` ደግሞ 365 ቀን። ጥሪው እንዲህ ነው፦

```
curl -X POST "https://open.tiktokapis.com/v2/oauth/token/" \
  -d "client_key=..." \
  -d "client_secret=..." \
  -d "grant_type=refresh_token" \
  -d "refresh_token=..."
```

`client_key` የመተግበሪያው መለያ ነው፣ `client_secret` ደግሞ የመተግበሪያው የራሱ ምስጢር። ደረሰኙን የያዘ ሌባ ያለዚህ ምስጢር አዲስ ቶክን አያወጣም። ስለዚህ ደረሰኙንና ምስጢሩን አንድ ቦታ አታስቀምጡ። በተለይ ፎቶና ዋጋ በሚገባበት፣ ለሠራተኛ ሁሉ ሼር በተደረገ ሠንጠረዥ ላይ ቶክን መጻፍ ቁልፍን በር ላይ አንጠልጥሎ እንደመሄድ ነው። ቶክን የሚቀመጠው አውቶሜሽን መሥሪያው ለምስጢር ባዘጋጀው ቦታ ወይም ሌላ ሰው በማይከፍተው ዳታቤዝ ነው።

መልሱ ሲመጣ አዲስ `access_token` ይዞ ይመጣል። ከጎኑም አንድ `refresh_token` አለ። ብዙ ሰው ይህን አያየውም፤ የድሮው አለኝ ብሎ ያልፈዋል። ቲክቶክ ግን የሚመልሰው `refresh_token` ከላካችሁት የተለየ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ተለይቶ ከመጣ ከዚያ በኋላ መጠቀም ያለባችሁ አዲሱን ነው። ኤክስ ከዚህም ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ እዚያ አንድ `refresh_token` የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሥራ ቶክኑም ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚቆይ ደረሰኙ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሆነው። መልሱ እንደመጣ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ከዚያ ፖስት ይደረግ። መጀመሪያ ፖስት ላድርግ፣ በኋላ አስቀምጣለሁ የሚል ወርክፍሎው ፖስቱ ላይ ስህተት ካጋጠመው እዚያው ይቆማል፤ አዲሱ ደረሰኝ ሳይቀመጥ ይጠፋል። ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀረው የተቃጠለው የድሮ ደረሰኝ ነው። በሚቀጥለው ቀን የሚመጣው ስህተት ስለ ቶክን ያወራል፤ የተበላሸው ግን ትናንት፣ ስለ ፎቶ ስናስብ ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

## ወርክፍሎው ሌሊት ምን ይሠራል?

አሁን የጓደኛዬ ሱቅ ላይ ሁለት ወርክፍሎው አለ። አንደኛው ጠዋት 2 ሰዓት ፖስት የሚያደርገው ነው። ሁለተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ቶክን ብቻ የሚያይ ነው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ አገር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አብዛኛው ሰርቨር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ አዲስ አበባ ከእሱ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት በሰርቨሩ 0 ሰዓት ነው፣ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ደግሞ 5 ሰዓት። ጠዋት 2 ሰዓት ብላችሁ 2 ቁጥርን ከጻፋችሁ ፖስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ይወጣል። `expires_at`ንም በዩቲሲ አስቀምጡት፤ አንዱን በአገር ቤት ሰዓት፣ ሌላውን በዩቲሲ ያስቀመጠ ሰው በሦስት ሰዓት ይሳሳታል። ለ60 ቀን ቶክን ሦስት ሰዓት ምንም አይደለም። ለኤክስ የሁለት ሰዓት ቶክን ግን ሁሉ ነገር ነው።

የሌሊቱ ወርክፍሎው መጀመሪያ የቶክኖቹን መዝገብ ያነባል። መዝገቡ ላይ በየመድረኩ አንድ መስመር አለ፤ የመድረኩ ስም፣ የሥራ ቶክኑ፣ ካለ `refresh_token`ና `expires_at`። ከዚያ የኢንስታግራሙን መስመር ያያል። ከ10 ቀን በላይ ከቀረው አይነካውም። 10 ቀን ወይም ከዚያ በታች ከቀረው ማደሻውን ይጠራል። የቲክቶኩን በየሌሊቱ ያድሳል፣ ዕድሜው አንድ ቀን ስለሆነ።

አዲሱ ቶክን እንደተቀመጠ ወርክፍሎው አንዲት ትንሽ ሙከራ ያደርጋል፦

```
curl -G "https://graph.instagram.com/me" \
  -d "fields=username" \
  -d "access_token=IGAA..."
```

«እኔ ማን ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሱቁ ስም ከተመለሰ ቶክኑ ይሠራል፣ ያውም ለትክክለኛው አካውንት ነው። ይህችን የጨመርኩት ሁለተኛ ሱቅ ሲመጣ ነው። የሁለት አካውንት ቶክን ተደበላልቆ የአንዱ ቀሚስ በሌላው ገጽ ላይ እንዳይወጣ።

የጠዋቱ ወርክፍሎው ደግሞ ፖስት ከማድረጉ በፊት `expires_at`ን አንድ ጊዜ ያያል። ሌሊት የቲክቶክ እድሳት ሳይሳካ ቀርቶ ከሆነ የሌሊቱን ማደሻ ወርክፍሎ ይቀሰቅሰዋል እንጂ ራሱ አያድስም። ለምን ራሱ እንደማያድስ ቀጥሎ አለ።

## ሁለት ወርክፍሎው አንድ ቶክን ቢያድሱ ምን ይመጣል?

በኤክስ እናስበው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ወርክፍሎው አብረው ይነሳሉ፤ አንዱ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ለአስተያየት መልስ ይሰጣል። ሁለቱም መዝገቡን ያነባሉ። ሁለቱም ቶክኑ እንዳለቀ ያያሉ። ሁለቱም ያንኑ `refresh_token` ይዘው ይሄዳሉ። አንደኛው ይቀድማል፣ አዲስ ጥንድ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሲደርስ ደረሰኙ ተቃጥሏል፤ እንቢ ይባላል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ጉዳት ነው። የባሰው ሁለተኛው የመጣለትን ባዶ መልስ መዝገቡ ላይ ሲጽፍ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ያስቀመጠው ጥሩ ቶክን ይደመሰሳል። ምልክቱ ይታወቃል፤ ወርክፍሎው አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። ለብቻው ስትሞክሩት ሁልጊዜ ይሠራል።

መፍትሔው የሚያድሰው አንድ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሌሎቹ ሁሉ አንባቢ ናቸው። ማደሻውም ቢሆን መልሱ ውስጥ አዲስ ቶክን መኖሩን ሳያረጋግጥ መዝገቡን አይነካም።

## እድሳት የማያድነው መቼ ነው?

ያለ ሎግኢን ስንል ጨርሶ ሰው አያስፈልግም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ፈቃድ ሁልጊዜ የሰው ነው። ከዚያ በኋላም ቶክን ዕድሜው ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። ባለቤቷ ፓስወርድ ከቀየረች፣ ወይም ሴቲንግ ውስጥ ገብታ መተግበሪያውን ካስወጣች፣ ወይም መድረኩ አጠራጣሪ ነገር አይቶ ከሰረዘው መዝገባችን ላይ ገና 40 ቀን አለው ቢልም ዋጋ የለውም። `expires_at` የሚናገረው ቢበዛ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው።

የፌስቡክና የኢንስታግራም የስህተት መልስ ውስጥ ኮድ `190` ካያችሁ ጉዳዩ የቶክን ነው። ፌስቡክ ላይ ከሥሩ ሌላ ቁጥር አለ፤ `463` ከሆነ ጊዜው አልፏል፣ `460` ከሆነ ፓስወርድ ተቀይሯል። ልዩነቱ ጠቃሚ ነው። `463` ካያችሁ የእድሳት ወርክፍሎው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው፣ እሱን መርምሩ። `460` ከሆነ ግን ወርክፍሎው ምንም አላጠፋም፤ ባለቤቷ እንደገና መፍቀድ አለባት።

በጉግልና በዩቲዩብ በኩል የምታዩት ቃል `invalid_grant` ነው፤ ደረሰኙ አይሠራም ማለት ነው። እዚያ ብዙ ሰው ያሰቃየ አንድ ነገር አለ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ የሚጭን ወርክፍሎው በየሰባት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ቀን የሚሞት ከሆነ ኮዱን አትመርምሩ። ጉግል ክላውድ ላይ የመተግበሪያው ሁኔታ `Testing` ላይ ቆሞ ነው። በዚያ ሁኔታ ለውጭ ተጠቃሚ የሚሰጠው `refresh_token` ዕድሜው 7 ቀን ብቻ ነው። ወደ `In production` ሲዛወርና አንድ ጊዜ እንደገና ሲፈቀድ የሰባት ቀኑ ገደብ ይነሳል። ያም ሆኖ ለስድስት ወር ምንም ያልተሠራበት ደረሰኝ ይሞታል።

ሊንክድኢን ላይ ደግሞ `refresh_token` የሚሰጠው ለተፈቀደላቸው መተግበሪያዎች ነው። ለአንድ ዓመት ይሠራል፤ ስታድሱበት የራሱ ዕድሜ አይራዘምም። ዓመቱ ሲሞላ ሰው ሎግኢን ያደርጋል፣ ሌላ መንገድ የለም።

## ቶክን ሲሞት ማን ይናገራል?

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ወርክፍሎው ዝም አላለም ነበር። በየጠዋቱ ስህተቱን መዝገብ ላይ ይጽፍ ነበር። መዝገቡን የሚከፍት ሰው ግን አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ቶክኑ ማለቁ ሳይሆን ይህ ነው።

አሁን ማንቂያው የሚመጣው በቴሌግራም ነው። የቴሌግራም ቦት ቶክንም ቶክን ነው፣ ግን ዕድሜ የለውም። የቴሌግራም ቦት ከሚፈጠርበት ከቦትፋዘር አንዴ ከወሰዳችሁት ራሳችሁ በ`/revoke` እስክትሽሩት ድረስ ይሠራል። ማንቂያ በሚያልቅ ቶክን ላይ ከተሠራ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ቴሌግራምን መረጥኩ። ጓደኛዬም ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ናት። ያንን ቶክንም እንደ ፓስወርድ መጠበቅ ግን የግድ ነው፤ ዕድሜ ስለሌለው የሰረቀው ሰውም እስኪሻር ድረስ ይሠራበታል።

ማንቂያው እንዲጮህ ያደረግኩት ሁለት ጊዜ ነው። የኢንስታግራም እድሳት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ካልተሳካ ለእኔ ይመጣል፤ ያኔ ገና ሰባት ቀን አለኝ። ቶክኑ ጭራሽ ከሞተ ደግሞ ለእሷ ይመጣል፣ የፈቃድ ማያያዣውን ይዞ። ለእሷ የሚሄደው መልእክት ውስጥ ኮድ ወይም የስህተት ቁጥር የለም። «የኢንስታግራም ፈቃድ ተቋርጧል። ይህን ነክተሽ በሱቁ አካውንት ግቢና ፍቀጂ» ይላል።

ጥር ላይ ስልኳን ቀይራ ፓስወርዷንም አብራ ቀየረች። ሌሊቱን መልእክቱ ደረሳት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አይታው ነካችው፣ ገባች፣ ፈቀደች። 2 ሰዓት ላይ የጥምቀት ቀሚሱ ወጣ።